«875» የሚል ቀለበት ወርቅ ነው ወይስ ብር? የማኅተም ፎቶ አነባበብ

ከቀለበት ውስጠኛ ጎን «875» የሚል ቁጥር ሲታይ አብዛኞቻችን ወዲያው የምናስበው 21 ካራት ወርቅ ነው። ከጅዳ፣ ከኩዌት፣ ከዱባይ የሚመጣው ወርቅ ይህን ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ ዓይናችን ለምዶታል። ሒሳቡም ትክክል ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ስለሚባል፣ 21ን ለ24 ስናካፍል 0.875 እናገኛለን። ከሺህ እጅ 875ቱ ወርቅ ነው፤ የቀረው 125 እጅ ወርቁን ለማጠንከር የተጨመረ መዳብና ብር ነው። ነገር ግን ይኸው ቁጥር በወርቅ በተቀባ የብር ቀለበት ውስጥም ተመትቶ ይገኛል፤ ያውም በሕጋዊ መንገድ፣ በመንግሥት መርማሪ እጅ። ቁጥሩ የሚነግረን ብረቱ ከሺህ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ብቻ ነው። የየትኛው ብረት ንጽሕና እንደሆነ የሚታወቀው ከቁጥሩ ዙሪያ ካሉት ምልክቶች ነው።

ብዙ ሰው የቤተሰብ ጌጥ ሲሸጥ ወይም በስልክ በተላከለት ፎቶ ብቻ ዕቃ ሲገዛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን አጉልቶ ያየዋል፤ ከጎኑ ያለችውን በጣም ትንሽ ኮከብ ግን አያያትም።

በሺህ የሚቆጠረው የንጽሕና ቁጥር ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ለወርቅ 375 ማለት 9 ካራት፣ 585 ማለት 14 ካራት፣ 750 ማለት 18 ካራት፣ 916 ማለት 22 ካራት ነው። በብር በኩል በጣም የተለመደው 925 ሲሆን፣ እንደየአገሩና እንደየዘመኑ 800፣ 875 እና 916 የሚሉም አሉ። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ስናይ 875 እና 916 በሁለቱም በኩል መኖራቸውን እናስተውላለን። በፎቶ ላይ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንዱን ካያችሁ ቢጫ ቀለሙን ለጊዜው እርሱት። ቀለም በቅብ ይመጣል።

ይህ ጉዳይ በኢትዮጵያውያን ቤት በተለይ የሚያጋጥመው በአንድ ታሪካዊ ምክንያት ነው። በደርግ ዘመን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደዋል። ሲመለሱ ለእናት፣ ለእጮኛ፣ ለእኅት ቀለበትና የጆሮ ጌጥ ይዘው መጥተዋል። ከእነዚያ ጌጦች አንዳንዶቹ እውነተኛ ወርቅ ናቸው፤ ቀላ የሚለው፣ «583» የሚል ቁጥር ያለበት 14 ካራት ወርቅ ከእነርሱ የታወቀው ነው። ሌሎቹ ደግሞ በወርቅ የተቀቡ የብር ጌጦች ናቸው፤ ውስጣቸው ላይም 875 ተመትቷል።

ሶቪየቶች ለብር ይህን ቁጥር የመረጡት ከድሮው የሩስያ ልኬት ስለወረሱት ነው። ከአብዮቱ በፊት የከበረ ብረት ንጽሕና የሚለካው ከ96 ነበር። ጥሩ ብር 84 ከ96፣ የተለመደ ወርቅ ደግሞ 56 ከ96 ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በሺህ ወደሚቆጠረው ሲሸጋገሩ 84ቱ 875 ሆነ፣ 56ቱም 583 ሆነ። በአንጻሩ የባሕረ ሰላጤው 875 የመጣው ከ24 ካራት አቆጣጠር ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ልኬቶች በአጋጣሚ አንድ ቁጥር ላይ ተገናኙ። የሶቪየት ሕግ ለወርቅ ጌጥ የፈቀዳቸው ቁጥሮች 375፣ 500፣ 583፣ 750 እና 958 ነበሩ። 875 በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ የሶቪየት ምልክትና 875 በአንድ ማኅተም ውስጥ ከታዩ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ዕቃው ብር ነው።

እንዴት እንደሚነበብ በአንድ ቀለበት እንየው። አንዲት የማውቃት ሴት ከአባቷ የወረሰችውን፣ አባቷ ከኪየቭ ያመጡትን ቀለበት ለመሸጥ አስባ ፎቶ ላከችልኝ። ቀለበቱ ወፍራም ነው፤ ፈርጥ የለውም፤ ቀለሙ ደማቅ ቢጫ ነው። ቤተሰቡ በ21 ካራት ሒሳብ ዋጋውን ገምቶ ጨርሷል። የመጀመሪያው ፎቶ የተነሣው በስልኩ ፍላሽ ነው። መሐል ላይ ነጭ የብርሃን ነጠብጣብ አለ፤ ከጎኑ 875 ይነበባል፤ ሌላው ሁሉ ጭጋግ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ፎቶ ተነሥቶ ምንም ማለት አይቻልም።

ማኅተም በብረት ላይ የሚታየው በጥላ ነው። መዶሻ ያረፈበት ጉድጓድ ጥልቀቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመጣበት ጥላ አይሠራም፤ ፊደሉም ይጠፋል። ስለዚህ ፍላሹን አጥፍታ፣ ቀለበቱን መስኮት አጠገብ በጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጣ፣ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ እንዲያርፍበት እንድታደርግ ነገርኳት። ከዚያ በፊት ግን ውስጡን በለብታ ውሃና በሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዛ እንድታጥበው፤ የብዙ ዓመት የእጅ ቅባትና ሳሙና ፊደሎቹን ይሞላቸዋልና። የጥርስ ሳሙና ወይም አመድ መጠቀም የለባትም፤ ቅቡንም የማኅተሙንም ጠርዝ ይፍቃሉ። ስልኩን እስኪነካ ድረስ ማስጠጋትም አያዋጣም፤ ካሜራው ማተኮር ያቅተዋል፣ የስልኩም ጥላ ቀለበቱ ላይ ያርፋል። አንድ ጋት ያህል ራቅ ብሎ በሁለት እጥፍ ዙም ማንሣት ይሻላል። አንድ ፎቶ ካነሡ በኋላ ቀለበቱን ጥቂት አዙሮ ሌላ፣ ደግሞ አዙሮ ሌላ ማንሣት ያስፈልጋል፤ በአንዱ ማዕዘን የጠፋ መስመር በሌላው ይወጣል። ሲላክም በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ቢላክ ጥራቱ አይቀነስም። በተራ መንገድ ሲላክ መጀመሪያ የሚበላሹት እንዲህ ያሉት ጥቃቅን መስመሮች ናቸው።

ሁለተኛው ፎቶ ሲመጣ ታሪኩ ተለወጠ። ከ875 በስተግራ፣ በዚያው ክፈፍ ውስጥ፣ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አለ፤ በኮከቡ ሆድ ውስጥ መዶሻና ማጭድ ይታያል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሶቪየት መንግሥት መርማሪዎች ይመቱት የነበረ ምልክት ነው። ክፈፉም ራሱ ይናገራል። ሁለቱ ረጃጅም ጎኖቹ ወደ ውጭ ጎበጥ ብለው በርሜል ይመስላሉ፤ ይህ የብር ክፈፍ ነው። የወርቁ ክፈፍ አንዱ ጫፉ ቀጥ ያለ፣ ሌላኛው የከበበ፣ አካፋ የሚመስል ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ማኅተም አለ፤ በአንድ ቁጥር ይጀምርና የሩስያ ፊደላት ይከተሉታል። እሱ የፋብሪካው መለያ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የተሠራበትን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ያመለክታል። «7» ቢሆን 1967፣ 1977 ወይም 1987 ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው አባትየው ኪየቭ በነበሩበት ዘመን ነው።

ኮከቡ፣ በርሜል መሳዩ ክፈፍ፣ የፋብሪካው መለያ፣ ቁጥሩ፤ አራቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ቀለበቱ በወርቅ የተቀባ 875 ብር ነው። የተቆጣጣሪው ማኅተም ሐሰት አልተናገረም፤ ሻጩም አላታለለም። ከፎቶው ላይ ለዚህ ድጋፍ የሚሆን አንድ ተጨማሪ ነገር አየሁ። ከመዳፉ በኩል፣ ቀለበቱ ከዕቃ ጋር ሲፋተግ በሚኖርበት ቦታ፣ ቢጫው ሳስቶ ነጣ ያለ ብረት ብቅ ብሏል። ቅብ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያልቀው በመዳፍ በኩልና በጠርዞቹ ላይ ስለሆነ፣ ማኅተሙን ካነሣችሁ በኋላ እነዚያን ቦታዎች ለብቻቸው ማንሣት አትርሱ።

ልጅቷ ግን ማመን ከበዳት፤ የአባት ዕቃ ስለሆነ አይፈረድባትም። ስለዚህ ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው የሚችል ሙከራ አደረግን። የሚያስፈልገው የግራምን መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ነው። ቀለበቱ ብቻውን 4.20 ግራም መዘነ። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ተቀመጠና ንባቡ ወደ ዜሮ ተመለሰ። ቀለበቱ በቀጭን ክር ታስሮ፣ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ተንጠለጠለ። ሚዛኑ 0.41 አሳየ። ይህ ቀለበቱ ቦታውን የወሰደበት ውሃ ክብደት ነው። 4.20ን ለ0.41 ስናካፍል 10.2 ገደማ ይመጣል። 875 ብር 10.3 አካባቢ ነው፤ 21 ካራት ወርቅ ግን 17 ገደማ ነው። ቀለበቱ 21 ካራት ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ማሳየት የነበረበት 0.25 አካባቢ ነበር። በ0.41 እና በ0.25 መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ወይም አንዲት የአየር አረፋ ውጤቱን አይገለብጠውም። ያም ሆኖ አረፋ ካለ ክሩን ነቅነቅ አድርጎ ማራገፍ ይገባል።

ይህ ሙከራ የሚሠራው ግን ፈርጥ ለሌለው፣ ውስጡም ባዶ ላልሆነ ዕቃ ብቻ ነው። ፈርጥ ቀላል ስለሆነ ውጤቱን ወደ ታች ይጎትተዋል። ውስጠ ባዶ አምባር ደግሞ አየር ስለሚይዝ ጥሩ ወርቅ ሆኖ ሳለ ርካሽ ብረት ያስመስላል።

አሁን ወደ ባሕረ ሰላጤው 875 እንመለስ። ከሳዑዲ ወይም ከኩዌት የመጣ ትክክለኛ ቀለበት ላይ ኮከብ፣ መዶሻና ማጭድ አይኖርም። ከቁጥሩ አጠገብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «21K» ወይም «21» የሚል ጽሑፍ ከነሠሪው ዓርማ ነው። አንዳንዴ ቁጥሩ በዐረብኛ አኃዝ «٨٧٥» ወይም «٢١» ተብሎ ይመታል፤ እዚህ ላይ ፎቶው ተገልብጦ እንደሆነ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዐረብኛው ሰባት «٧» ሲገለበጥ ስምንት «٨» ይሆናል፤ ስምንቱም ሲገለበጥ ሰባት ይሆናል። ቀለበት ክብ ስለሆነ ላይና ታች የለውም፤ አንባቢው ራሱ ነው የሚወስነው። ከአጠገቡ የላቲን ፊደል ካለ እሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ ቁጥሩን ማንበብ ነው። በነገራችን ላይ 916 ተገልብጦም 916 ነው፤ ስለዚህ እሱን ይዞ አቅጣጫ መለየት አይቻልም።

916ም እንደ 875 ባለ ሁለት ፊት ነው። በሶቪየት ዘመን ከተሠሩት ያማሩ የሻይ ማንኪያዎች ብዙዎቹ 916 ብር ናቸው፤ በወርቅ የተቀቡም አሉ። በሌላ በኩል ዱባይ ውስጥ ከሕንድ ነጋዴዎች የሚገዛው 22 ካራት ወርቅም 916 ይባላል። በሕንድ አገር ተመርምሮ የወጣ ከሆነ ግን ከቁጥሩ ጋር የሚታዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የደረጃዎች ተቋሙ ሦስት ማዕዘን ዓርማ ነው፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው የሚሰጠው ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ነው። ንጽሕናውም «22K916» ተብሎ ይጻፋል። ይህ መለያ በፎቶ ላይ በግልጽ ከተነበበ ቢአይኤስ ኬር በሚባለው የተቋሙ የስልክ መተግበሪያ ገብቶ መጠየቅ ይቻላል። የሚመጣው መልስ የዕቃውን ዓይነትና ንጽሕና ይነግራል። መልሱ «የጆሮ ጌጥ» እያለ እጃችሁ ላይ ያለው ቀለበት ከሆነ፣ መለያው ከሌላ ዕቃ ተገልብጦ የተቀረጸ ነው። እነዚህ መለያዎች በሌዘር ስለሚቀረጹ መስመራቸው ቀጭንና ጠቆር ያለ ነው፤ በመዶሻ እንደተመታው የጎደጎዱ አይደሉም። ከጎን ብርሃን ይልቅ ለስለስ ባለ፣ ከወረቀት በተንጸባረቀ ብርሃን የተሻለ ይነበባሉ።

ከቀለበት ወደ ሐብል ስንሄድ ማኅተሙ ወደ መቆለፊያው ይሸጋገራል፤ የሐብል ቀለበቶች ለመዶሻ በጣም ትንንሽ ናቸውና። የጣልያን ሐብል በአገራችን በጣም ስለሚወደድ እሱን ምሳሌ ላድርግ። በመቆለፊያው ጥፍር ላይ ወይም ከጎኑ በተንጠለጠለችው ትንሽ ጠፍጣፋ ቁራጭ ላይ ሁለት ነገር መፈለግ ነው። አንደኛው የንጽሕናው ቁጥር ነው፤ በጣልያን ሕግ የወርቁ ቁጥር በሾጣጣ አልማዝ ቅርጽ፣ የብሩ ደግሞ በእንቁላል ቅርጽ ክፈፍ ውስጥ ይመታል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1968ቱ ሕግ ወዲህ የመጣው የሠሪው መለያ ነው። ስድስት ጎን ባለው፣ ረዘም ያለ ክፈፍ ውስጥ መጀመሪያ ኮከብ፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ በመጨረሻ የአውራጃው ሁለት ፊደል ይኖራል። AR ከሆነ አሬዞ፣ VI ከሆነ ቪቼንሳ፣ AL ከሆነ አለሳንድሪያ ነው። የወርቅ ሠሪዎቹ ከተማ ቫለንዛ ያለችው በአለሳንድሪያ ውስጥ ነው። VIን የሮማ ስድስት ነው ብለው የሚያነቡ ብዙ ናቸው። ቁጥሩ ሠሪው በአውራጃው መዝገብ የተሰጠው ተራ ነው። «1 AR» ማለት በአሬዞ መዝገብ አንደኛ ማለት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው ኡኖ ኤ ኤሬ የተባለው የታወቀ ፋብሪካ ስሙን ያገኘው ከዚሁ መለያው ነው።

ስለዚህ «750 ITALY» ብቻ የሚል መቆለፊያ የጣልያን ሠሪ ማኅተም አለው ማለት አይቻልም። ITALY የሚለውን ቃል ማንም፣ የትም አገር ሊመታው ይችላል። ኮከቡና የአውራጃው ፊደል ካሉ ግን ከመዝገብ ጋር የሚገናኝ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ሠሪ አለ ማለት ነው። ቢጫ ሐብል ላይ «925 ITALY» ካያችሁ ደግሞ ብር ላይ የተቀባ ወርቅ ነው፤ እዚህ ምንም ክርክር የለም።

የመቆለፊያ ማኅተም ትልቁ ድክመት መቆለፊያ የሚቀየር ዕቃ መሆኑ ነው። ሐብል ተበጥሶ ወርቅ ቤት ሲገባ መቆለፊያው በሌላ ይተካል። አንዳንዴ ደግሞ ሆን ተብሎ እውነተኛ የ18 ካራት መቆለፊያ በቅብ ሐብል ጫፍ ላይ ይበየዳል። ፎቶ ሲላክላችሁ የመቆለፊያውን ብቻ አትቀበሉ። ከመቆለፊያው ጋር የምትያያዘውን የመጀመሪያ ቀለበት፣ በሌላው ጫፍ ያለችውንም፣ በቅርብ ጠይቁ። የቀለም ልዩነት፣ የተንጠባጠበ የብየዳ እብጠት፣ አንዱ ጫፍ በጣም ተፈግፍጎ ሌላው አዲስ ሆኖ መታየቱ፣ ሁለቱ አብረው እንዳልኖሩ ያሳያል። ማግኔት ይዞ የሚፈትንም አለ። መቆለፊያው በማግኔት ቢሳብ አትደንግጡ፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ስፕሪንግ የብረት ስለሆነች በንጹሕ ወርቅ መቆለፊያም ትሳባለች። ሐብሉ ካልተሳበም ምንም አልተረጋገጠም፤ መዳብም፣ ነሐስም፣ ብርም በማግኔት አይሳቡም።

ከአሜሪካ በሚመጡ ጌጦች ላይ ዋናው ነገር ከካራቱ ቀጥሎ የሚመጡት ፊደላት ናቸው። በአሜሪካ ዕቃውን መርምሮ ማኅተም የሚመታ የመንግሥት ተቋም የለም፤ ሠሪው ራሱ ነው የሚመታው። ሕጉ ንጽሕናውን የጻፈ ሠሪ የንግድ ምልክቱንም እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል። «14K» ብቻውን ከነንግድ ምልክቱ ከሆነ ጥሩ ነው። «18K GP» ወይም «18K HGE» ከሆነ ግን ቅብ ነው፤ 18ቱ የሚናገረው ስለ ሽፋኑ ብቻ ነው። «1/20 12K GF» የሚለው ደግሞ ከዕቃው ክብደት አንድ ሃያኛው ባለ 12 ካራት የወርቅ ልባስ ነው ማለት ነው። 12 ካራት ግማሹ ወርቅ ስለሆነ፣ ከጠቅላላው ክብደት ንጹሕ ወርቁ 2.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከእነዚህ ጋር የሚምታታው «14KP» ነው። እዚህ ያለው P የቅብ ምልክት አይደለም፤ ንጽሕናው ከተጻፈው እንደማያንስ ሠሪው የሚያረጋግጥበት ፊደል ነው። በደብዛዛ ፎቶ KP እና GP ይመሳሰላሉና፣ በዚህች አንዲት ፊደል ላይ ጥርት ያለ ፎቶ እስኪመጣ መጠበቅ ያዋጣል።

ማኅተሙ ራሱ እውነተኛ መሆኑስ? ፎቶው ጥርት ካለ ይህንንም በተወሰነ ደረጃ መገመት ይቻላል። በመዶሻ የተመታ ማኅተም ጠርዙ ስለታም ነው፤ ብረቱ ተገፍቶ በፊደሉ ዙሪያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ አንዱ ጎኑ ከሌላው ጠልቆ ሊታይም ይችላል። ከሌላ ቀለበት ቅርጽ ተወስዶ በቀለጠ ብረት የተገለበጠ ከሆነ ግን ፊደሎቹ የቀለጠ ሳሙና ላይ የተጻፉ ይመስላሉ፤ ጠርዛቸው ዱልዱም ነው፣ በውስጣቸውም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። እንዲህ ያለ ማኅተም ስለ ዋናው ቀለበት እንጂ በእጃችሁ ስላለው ቅጂ አይመሰክርም። ግማሹ ብቻ የሚታይ ማኅተም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀለበቱ ጠቦ ወይም ሰፍቶ እንደነበር ያሳያል። ወርቅ ሠሪው ሲቆርጠው ማኅተሙ ላይ አርፎበታል፤ የተጨመረችው ቁራጭ ንጽሕናዋ ከዋናው ሊለይ ይችላል።

ፎቶ ከዚህ አልፎ አይሄድም። ማኅተሙ ምን እንደሚል፣ ከየት እንደመጣ፣ ከዕቃው ሁኔታ ጋር ይስማማ እንደሆነ ይነግረናል፤ ውስጡ ያለውን ብረት ግን አያየውም። ለዚያ የወርቅ ቤቶች የቆየው ዘዴ፣ በጥቁር ድንጋይ ላይ አስምሮ በአሲድ መፈተን፣ አሁንም ይሠራል። አንድ ነገር ግን አብሮ መጠየቅ አለበት። ድንጋዩ ላይ የሚሰመረው ከላይ ካለው ቆዳ ብቻ ከሆነ የሚፈተነው ቅቡ ነው። በኤክስሬይ የሚለካው መሣሪያም ቢሆን የሚያነበው የላይኛውን በጣም ቀጭን ሽፋን ስለሆነ፣ ወፈር ያለ ቅብ ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ መርማሪው በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከቀለበቱ ውስጠኛ ጎን ወይም ከመቆለፊያው ጀርባ፣ በቀጭን ሞረድ አንድ ጊዜ ፋቅ አድርጎ ከዚያ ውስጥ እንዲያሰምር ወይም እንዲለካ ጠይቁት። ሲፋቅ ግን ማኅተሙን እንዳይነካ አስቀድማችሁ ቦታውን አሳዩት።